«ቡሎ»ን ከማመልከቻዬ ለማውጣት ስድስት ወር ፈጀብኝ

ባለፈው ሳምንት ሰው ሳያርምልኝ የመጀመሪያዬን የሥራ ማመልከቻ በፈረንሳይኛ ጽፌ ላክሁ። ደስ ብሎኛል። ፈረንሳይኛ እየተማራችሁ ያላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ልጻፈው።

ሊዮን ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ፊደሉን፣ ግሡን፣ ወንዴና ሴቴውን እንደማንኛችሁም እየተንገዳገድኩ አለፍኩት። ኮርስ የወሰድኩት ሦስት ወር ብቻ ነው። የቀረውን ያስተማረኝ የምሠራበት ሬስቶራንት ወጥ ቤት ነው። ችግሩም የመጣው ከዚያው ነው። በጆሮ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው የጓዳውን ቃል ነው። «ትራቫይ»ን ሳላውቅ «ቡሎ»ን አወቅኩ፤ ሁለቱም ሥራ ማለት ነው። ልብስ ለእኔ «ፍራንግ» ነበር፣ መጽሐፍ «ቡካን»፣ ገንዘብ «ፍሪክ»፣ መሥራት «ቦሴ»። ማንም ስቆብኝ አያውቅም፤ አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ የሚያወሩት እንደዚያው ነው።

ከስድስት ወር በፊት አንድ የልብስ ሱቅ ሻጭ ይፈልጋል ተባለና ማመልከቻ ጻፍኩ። ፎቃችን ላይ የሚኖሩ፣ እዚህ ሃያ ዓመት የቆዩ አንድ ጋሼ አሉ፤ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «የኔ ልጅ፣ ሰዋስውሽ ደህና ነው። ግን ለቀበሌ ሊቀመንበር ስትጽፊ ‹ሽቀላ ፈልጌ ነው› ትያለሽ?» አሉኝ። ወዲያው ገባኝ። ደብዳቤው «ቩ» ብሎ፣ ማለትም እንደኛ «እርስዎ» ብሎ በክብር ይጀምርና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የወጥ ቤት ወሬ ይሆናል።

የጻፍኩት ይህን ነበር፦ ሱቃችሁ ውስጥ ቡሎ እፈልጋለሁ፣ ፍራንግ በጣም እወዳለሁ፣ ሬስቶ ውስጥ አንድ ዓመት ቦሴ አድርጌያለሁ። ሦስት ሐሳብ፣ አራት የጓዳ ቃል።

እዚህ ላይ ነው ለወራት የተጣበቅኩት። መዝገበ ቃላት ስከፍት «ቡሎ ማለት ትራቫይ» ይለኛል። እሺ ብዬ ተካሁት፤ ጋሼ አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትራቫይ» ስህተት አይደለም፣ ማመልከቻ ላይ ግን ደረቅ ይላል። የሚፈለገው «ፖስት» ነው፤ አንድ የተወሰነ የሥራ ቦታ ማለት። «ፖስት ደ ቫንደዝ» ስል የሻጭነቱን ቦታ እየጠየቅኩ ነው። በአጠቃላይ ሥራ ፈላጊ ነኝ ለማለት ደግሞ «አምፕሏ» አለ። ቅጽ ላይ ሙያ የሚሞላበት ቦታ «ፕሮፌስዮን» ነው የሚለው። አንዷ «ቡሎ» ወጥ ቤት ውስጥ የእነዚህን ሁሉ ቦታ ትሸፍናለች። ስለዚህ እሷን ማውጣት ማለት አንድ ቃል በሌላ መተካት ሳይሆን የትኛውን ሥራ ማለቴ እንደሆነ መጀመሪያ መወሰን ነው።

«ፍራንግ» ደግሞ የባሰ ነበር። መደበኛው ቃል «ቬትማን» ነው። ግን «ቬትማን እወዳለሁ» ብሎ ማመልከቻ ምን ይባላል? በአማርኛም «ልብስ እወዳለሁ» ብላችሁ አትጽፉም። ሱቆቹ ራሳቸው ዘርፉን «ፕሬታፖርቴ» ነው የሚሉት፤ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ። በዘርፉ መሥራት እንደምፈልግ በዚያ ጻፍኩ። ሥራ ላይ የሚለበሰው አለባበስ ደግሞ «ትኑ» ነው። «ቦሴ»ን ወደ «ትራቫዬ»፣ «ሬስቶ»ን ወደ ሙሉው «ሬስቶራን» መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ለዚህ ነው ሁለት ቃል ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ የቃላት ካርድ የማልወደው። «ቡሎ እኩል ይሆናል ትራቫይ» ብሎ የተማረ ሰው ሁለቱን እያማረጠ ይቀራል። እኔ የምጠቀመው ተራ ደብተር ነው፣ ሦስት አምድ ያለው። ግራው ለወጥ ቤት፣ መሐሉ ለማንኛውም ቦታ፣ ቀኙ ለደብዳቤና ለመሥሪያ ቤት። ለምሳሌ «ቡካን፣ ሊቭር፣ ኡቭራዥ»። «ሊቭር» የትም አያሳፍርም። «ኡቭራዥ» የጥናት ጽሑፍ ላይ ያምራል። ለጓደኛ ግን «ያነበብኩት ኡቭራዥ» ብላችሁ ስታወሩ ንግግር የምታደርጉ ትመስላላችሁ። ይህንንም አድርጌዋለሁ። ከደብዳቤው በኋላ ፈርቼ ወጥ ቤት ውስጥ ሁሉንም በቀኝ አምድ ማውራት ጀመርኩ፤ ልጆቹ ተቆጥቼባቸው መሰላቸው።

አንድ ቃል የግራው አምድ መሆኑን የማውቀው ከመዝገበ ቃላት ነው። «ላሩስ»ም «ለ ሮቤር»ም ከትርጉሙ አጠገብ «ፋሚሊዬ» የሚል ምልክት ያደርጋሉ። ለቅርብ ሰው የሚነገር ማለት ነው። «ቩልጌር» ካለ ደግሞ ብልግና ነው፤ ጭራሽ አትንኩት። ሁለቱን አታምታቱ። «ቡሎ»ም «ቡካን»ም ስድብ አይደሉም፣ ማንንም አያስቀይሙም፤ ቦታቸው ብቻ የተለየ ነው። ምልክቱን ሳያዩ ትርጉሙን ብቻ ጽፎ የሚዘጋ ሰው ግማሹን ነው ያነበበው።

የቃሉን ዘር እንዳታምኑ ደግሞ። ፓሪስ ውስጥ በሴን ወንዝ ዳር አረንጓዴ ሳጥን ከፍተው አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት «ቡኪኒስት» ይባላሉ። ቃሉ ከ«ቡካን» የወጣ ነው፣ ነገር ግን መደበኛ ነው፤ የትም ይጻፋል። «ፕቲ ቡሎ»ም እንደዚያው ነው። ጊዜያዊ ትንንሽ ሥራ ማለት ሲሆን ጋዜጣ ላይም ታገኙታላችሁ። «ቱቢብ» የሚለው የሐኪም መጠሪያ ከአረብኛው «ጠቢብ» የመጣ ነው። ለእኛ ጆሮ የተከበረ ይመስላል፣ ፈረንሳይኛው ውስጥ ግን የግራው አምድ ነው። ሐኪሙን ፊት ለፊት «ዶክተር» በሉት።

አሁንም ያልፈታሁት ንግግሩን ነው። የላክሁት ማመልከቻ መልስ አግኝቶ ከትናንት ወዲያ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ሴትዮዋ ራሷ «ቡሎው ከባድ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው» አለችኝ። ሊያመልጠኝ ነበር። ግን እሷ አለቃ ናት፤ ርቀቱን ማጥበብ ትችላለች፣ እኔ ደግሞ ገና እንግዳ ነኝ። «ትራቫይ» ብዬ መለስኩ። ሲጨንቀኝ ግን «ዠ ን ሴ ፓ» ማለት ሲገባኝ «ን»ን ውጬ «ሼ ፓ» አልኩ። አላውቅም ማለት ነው፤ አጠር ያለው አነጋገር የወጥ ቤት ነው። ቃሉን ባስተካክልም ዓረፍተ ነገሩ አጋለጠኝ። ለእኔ ከቃላቱ ይልቅ ይህ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ደብተር ላይ የሚጻፍበት አምድ የለውም። ለጊዜው ጠዋት ጠዋት አምስት ዓረፍተ ነገር «ን»ዋን ሳልውጥ ጮክ ብዬ እላለሁ።

ዛሬ ማታ ለአከራዬ መጻፍ አለብኝ፤ ማቀዝቀዣው አልሠራ ብሏል። ረቂቁ ላይ «ፍሪጎ» ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ሰርዤ «ሬፍሪዤራተር» አድርጌዋለሁ፣ «አፓር» የነበረውም «አፓርትማን» ሆኗል። ቴሌቪዥን የሚሉባትን «ቴሌ»ን የትኛው አምድ ውስጥ ታስገቧታላችሁ? እኔ መሐሉና ግራው መካከል ላይ በእርሳስ ጽፌያታለሁ።