በንዋየ ቅድሳት የሚሳደብ አገር

አብሮ አደጌ ከጎንደር ደወለልኝ። ወደ ሞንትሪያል መምጫው ተሳክቶለታል። «ፈረንሳይኛው ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ስድቡን አስተምረኝ» አለኝ። ጥያቄው ቀላል መስሎት ነው። እኔ ግን እዚህ አገር አንጀቴን ያሳረረኝ ነገር ከዚያው ከስድቡ የመጣ ነው።

መጀመሪያ የገባሁት መጋዘን ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ፎርክሊፍት የሚነዳው ሰውዬ የተደረደረ ካርቶን ሲገለበጥበት «ኦስቲ ደ ካሊስ ደ ታባርናክ!» ብሎ ጮኸ። እሑድ እሑድ የምናስቀድሰው ከካቶሊኮች በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የዕቃዎቹን ስም አውቃለሁ። ኦስቲ የቁርባኑ ኅብስት ነው፤ ካሊስ ጽዋው ነው፤ ታባርናክ ደግሞ ቁርባኑ የሚጠበቅበት ሣጥን ነው። ሰውየው ለወደቀ ካርቶን ሥጋውንና ጽዋውን እየጠራ ይራገማል። ደንግጬ አማተብኩ። አዩኝና ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሳልፍ «ታባርናክ» እያሉ እንደኔ ያማትቡ ነበር። ለአለቃው ብነግረው እሱም ሳቀ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ስድቡ አይደለም፤ ማማተቤ መጫወቻ መሆኑ ነው።

የጎንደር ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አልነግራችሁም። ታቦት ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ ተሸፍኖ በካህን ራስ ላይ ነው፤ ምእመን ሊነካው ቀርቶ ገልጦ ሊያየው አይደፍርም። በዚያ ስም ሰው ይምላል እንጂ አይሳደብም። በእርግጥ እኛም ልንኮራ አይገባንም። ቅዳሜ ገበያ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት «ሚካኤልን!» ብሎ የሚምል ነጋዴ የማያውቅ ማን አለ? እሱም ስሙን በከንቱ መጥራት ነው።

ኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ሞንትሪያል ባለችበት በካናዳዋ ኩቤክ ክፍለ ሀገር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 1960ዎቹ ድረስ የፈረንሳይኛ ተናጋሪውን ትምህርት ቤትና ሆስፒታል በብዛት የያዘችው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የትምህርት ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1964 ነው። ሕዝቡ ሲመረው የሚሳደበው በሚፈራው ነገር ነበር፤ ቃሉ የሚያቆስለው ፍርሃቱ ስላለ ነው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ተመናመነ፤ ስድቡ ግን ቀረ። ዛሬ ብዙው ወጣት «ካሊስ» ሲል ጽዋ ትዝ አይለውም። በ2006 የዐቢይ ጾም ወቅት የሞንትሪያል ሀገረ ስብከት እነዚህን ቃላት ከነትክክለኛ ፍቺያቸው በትልልቅ ሰሌዳ ላይ አሰቀላቸው። ቤተ ክርስቲያን የራሷን ዕቃ ስም ከስድብ ለማስመለስ ማስታወቂያ እስከማሠራት ደረሰች!

የሥጋ ነውሩ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ጎንደር ላይ በእናት የተሳደበ ሰው ደም ያፋስሳል፤ የገላን ስም በአደባባይ የጠራ ባለጌ ይባላል። እዚህ ከእንግሊዝኛ የተዋሱት የወሲብ ስድብ ግን ቀልሏል። ማሽን ሲበላሽ «ፋኬ» ይሉታል፤ ቀን በሬዲዮም ሊሰማ ይችላል። የካናዳ የብሮድካስት ደረጃዎች ምክር ቤት በ2017 ይህ ቃል በፈረንሳይኛ ፕሮግራም ውስጥ እንደ እንግሊዝኛው ከባድ እንዳልሆነ ወስኗል።

አብሮ አደጌ «ሕጉስ ዝም ይላል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አዎ፣ የዚህኛው አገር ዝም ይላል። የእኛ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 492 የአምልኮ ዕቃን በአደባባይ ማርከስን ያስቀጣል። ካናዳም በእግዚአብሔር ላይ የሚነገር ስድብን በወንጀልነት ይዛ ነበር፤ በ2018 መጨረሻ ሰረዘችው።

ታዲያ እዚህ የማይነካ ቃል የለም ማለት ነው? አለ፤ ለሚመጡት ሁሉ አጥብቄ የምነግራቸው ይህን ነው። በእኔ መጋዘን ቀኑን ሙሉ በታባርናክ ሲራገም የሚውል አንድ ሰው ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። አንድ ቀን ከሄይቲ የመጣውን ባልደረባችንን በቆዳው ቀለም ሰደበው። ያኔ ጩኸት አልነበረም፤ ሁሉም ጸጥ አለ። በማግስቱ ሰውየው ሥራ የለውም። የእግዚአብሔርን ስም ሲጠሩ የሳቁት ሰዎች ፊታቸው ሲቀያየር አየሁ። ክልክሉ ከመንበሩ ወርዶ ሰው ላይ አርፏል።

በዚህ አፍሬ የማልሸሽገው፣ የእኛ ሰው በዚህ በኩል አፉን አልጠበቀም። ጥቁር መልክ ያለውን «ባርያ» ማለት፣ ጎረቤትን «ቡዳ» ብሎ ማግለል እኛ ዘንድ እንደ ቀልድ የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ ማርያምን እያከበርን በማርያም ልጅ የተፈጠረውን እናዋርዳለን። በአማርኛ ስለሆነ አይሰማም አትበሉ፤ ሥራ ቦታ አማርኛ የሚሰማ አይጠፋም።

ለአብሮ አደጌ የመለስኩለት ይኸው ነው። ታባርናክን ስትሰማ አታማትብ፣ በልብህ ጸልይና እለፍ። አንተ ግን አትድገመው፤ ባልደረቦችህ ቢሉትም አለቃ ወይም ደንበኛ ፊት እስከ ዛሬ ብልግና ነው፣ ከአዲስ መጤ አፍ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ሲጨንቅህ ራሳቸው ያለዘቡት «ታባርኑሽ» አለ፤ እሱም ቢሆን ለኔ አይጥመኝም። «ባርያ» እና «ቡዳ» የሚሉትን ደግሞ አውሮፕላን ሳትሳፈር፣ እዚያው ጎንደር ሳለህ ከአፍህ አውጣቸው።