ታንጀንትና ሴካንት በ90 ዲግሪ አፋፍ ላይ

ታንጀንት በእያንዳንዱ የቀጤ ማዕዘን ጎዶሎ ብዜት ላይ ጠባዩ አንድ ነው፤ የሴካንት ጠባይ ግን ይፈራረቃል። ይህችን ነገር ለተማሪዎቼ ለማስረዳት ሰሞኑን ብዙ ጠመኔ ጨርሻለሁ። ዛሬ ማታ ደግሞ በደንብ አስቤባት ልጻፋት ብዬ ቁጭ አልኩ።

ጎዶሎ ብዜት ስል 90፣ 270፣ 450 ዲግሪን፣ ወደ ኋላም −90ን እና −270ን ማለቴ ነው። እነዚህ ሁሉ ላይ ኮሳይን ዜሮ ይሆናል። ታንጀንት ሳይን ለኮሳይን ሲካፈል ነው፤ ሴካንት ደግሞ 1 ለኮሳይን ሲካፈል። በዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ሁለቱም እዚያች ነጥብ ላይ ዋጋ የላቸውም። እስከዚህ ድረስ ልጆቹም አይቸገሩም። የሚያስቸግራቸው ነጥቧ አጠገብ፣ በግራዋና በቀኟ የሚሆነው ነገር ነው። ብዙዎቹ "tan 90° = ∞" ብለው ይጽፉና ያልፋሉ። ይህ አጻጻፍ የታሪኩን ግማሽ ይውጠዋል፤ ምክንያቱም ከወዲያ ማዶ ሆኖ ሲታይ ታንጀንት የሚሮጠው ወደ ታች ነው።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ስለጠራ ከጎንደሩ ጎሃ ጉብታ ላይ ሆኖ የምትጠልቅ ፀሐይን ማየት ለዚህ ትምህርት ይመቻል። አንድ ሜትር የሆነ ዱላ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ቀጥ አድርገን ተከልን እንበል። ፀሐይ ከአናታችን ስንት ዲግሪ እንደራቀች ከለካን፣ የዱላው ጥላ ርዝመት በሜትር የዚያ ማዕዘን ታንጀንት ነው። ከዱላው ጫፍ እስከ ጥላው ጫፍ በሰያፍ የሚወርደው መስመር ደግሞ የዚያው ማዕዘን ሴካንት ነው። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትሆን ማዕዘኑ ዜሮ ነው፣ ጥላ የለም፤ አድማሱን ስትነካ 90 ይሆናል። ስለዚህ የምሽቷ ፀሐይ 90 ዲግሪን ከግራ በኩል፣ ማለትም ከ90 ከሚያንሱት ማዕዘኖች ወደ እሱ እየተጠጋች ነው።

ማዕዘኑ 85 ሲሆን ጥላው 11.43 ሜትር ነው። 88 ላይ 28.64 ይደርሳል። 89 ላይ 57.29፣ 89.5 ላይ 114.59። ከ88 በኋላ ያለውን ልብ በሉ፤ ወደ 90 የቀረን ርቀት በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ጥላው እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወደ 90 የቀረንን በራዲያን ለክተን δ ብንለው፣ ታንጀንት ወደ 1/δ እጅግ የቀረበ ነው። በዲግሪ ለሚለካ ሰው 57.3ን ለቀረው ዲግሪ ማካፈል ይበቃዋል። ይህን ልማድ ያዳበረ ተማሪ ካልኩሌተር ሳያወጣ የ89.9 ታንጀንት 573 ገደማ መሆኑን ይነግርሃል።

ጎንደር ላይ ፀሐይ የመጨረሻዋን አንድ ዲግሪ ለመውረድ አራት ደቂቃ ገደማ ይበቃታል። በነዚያ አራት ደቂቃዎች ጥላው ከ57 ሜትር ተነስቶ፣ በሒሳቡ ዓለም፣ ማለቂያ ወደሌለው ርዝመት ይሄዳል። በእውነተኛው ዓለም ግን አይሄድም። አንደኛ፣ እኛ ጋ ፀሐይ አድማስ ሳትደርስ ተራራ ይቀድማታል። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ራሷ ነጥብ አይደለችም፤ ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። መሃሏ 89 ላይ ሲሆን የላይኛው ጠርዟ 88.75፣ የታችኛው 89.25 ላይ ነው። ስለዚህ ድፍን ጥላው 46 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃና ከዚያ እስከ 76 ሜትር እየሳሳ ይጠፋል። ግማሽ ዲግሪ ልዩነት ሠላሳ ሜትር አመጣ ማለት ነው። 45 ዲግሪ ላይ ይኸው ግማሽ ዲግሪ የሚያመጣው ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ የሁለቱ መስመሮች ነገር ነው። 85 ላይ ታንጀንት 11.430፣ ሴካንት 11.474 ነው፤ ልዩነታቸው ከአራት ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። 89 ላይ አንደኛው 57.290፣ ሌላኛው 57.299 ነው፤ ልዩነቱ ወደ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ወረደ። 89.5 ላይ ደግሞ ከአራት ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሁለቱም ያለ ልክ እያደጉ ልዩነታቸው ይሟሟል። ይህ በግምት የተገኘ አይደለም፤ ወደ 90 የቀረውን δ ብንል፣ sec − tan በትክክል ከ tan(δ/2) ጋር እኩል ነው፤ δ ሲመነምን እሱም አብሮ ይመነምናል። "ኢንፊኒቲ ሲቀነስ ኢንፊኒቲ ዜሮ ነው" ብሎ የሚደመድም ተማሪ እዚህ ላይ ልክ ይመስለዋል። ትንሽ ቆየት ብለን 270 ላይ ስንደርስ አባባሉ ይፈርሳል።

ፀሐይ ከአድማስ በታች ስትሆንስ? ማዕዘኑ 91 ሆነ እንበል። አሁን ጨረሩ የሚመጣው ከታች ወደ ላይ ነው፤ የዱላውን ጫፍ ነክቶ ወደ ሰማይ ያመልጣል፣ በምሥራቅ በኩል መሬት አያገኝም። መስመሩን ወደ ኋላ፣ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ብንጎትተው ግን በምዕራብ በኩል ከዱላው 57.29 ሜትር ርቆ ሜዳውን ይቆርጣል። ታንጀንት −57.29 የሚለን ይህንኑ ነው፤ ርቀቱ ያው ነው፣ ወገኑ ግን ተገልብጧል። ሴካንትም −57.30 ይሆናል፤ መስመሩን የለካነው በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ። ማዕዘኑ ከ91 ወደ 90 እየተመለሰ በመጣ ቁጥር ያ የመቁረጫ ነጥብ ወደ ምዕራብ ያለ ማብቂያ ይሸሻል።

ስለዚህ 90 ላይ ሁለቱም ይመሳሰላሉ፤ ከግራ ወደ +∞፣ ከቀኝ ወደ −∞። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልጆቹ "ግራ ፕላስ፣ ቀኝ ማይነስ" ብለው ይሸመድዱና ወደ 270 ይዘውት ይሄዳሉ። ለታንጀንት ይሠራላቸዋል፤ ስለሠራላቸውም ለሴካንትም ያምኑታል።

አንዷ ተማሪዬ የሴካንትን ግራፍ ስትሥል ከ90 እስከ 270 ያለውን ቁራጭ ከታች ጀምራ ወደ ላይ አሳልፋ አወጣችው፤ ልክ እንደ ታንጀንት። "ቲቸር፣ 270ም እኮ አሲምፕቶት ነው፤ ለምን እንደ 90ው አይሆንም?" አለችኝ። ጥያቄው የሚያረካ መልስ ይገባዋል። አጠገቧ ተቀምጬ ቁጥሩን አብረን አወጣነው።

269 ዲግሪ ሦስተኛው ኳድራንት ውስጥ ነው። ሳይኑ −0.99985፣ ኮሳይኑ −0.01745 ነው። ታንጀንት ኔጋቲቭ ለኔጋቲቭ ስለሆነ +57.29 ይወጣል። ሴካንት ግን ከላይ ያለችው 1 ናት፤ እሷ ምልክቷን አትቀይርም። 1 ለ −0.01745 ሲካፈል −57.30። አሁን ተሻግረን 271 ላይ እንቁም። ሳይኑ እዚያው −0.99985 ላይ ነው፣ ኮሳይኑ ግን +0.01745 ሆኗል። ታንጀንት −57.29፣ ሴካንት +57.30።

ልዩነቱ ያለው ከላይ ባለው ቁጥር ላይ ብቻ ነው። ከ90 ወደ 270 ስንሄድ ኮሳይን ዜሮን የሚሻገርበት አቅጣጫ ይገለበጣል፤ 90 ላይ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ይወርዳል፣ 270 ላይ ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ይወጣል። ታንጀንት ውስጥ ሳይንም አብሮ ከ1 ወደ −1 ስለተገለበጠ ሁለቱ መገልበጦች ይጣፋሉ። ሴካንት ውስጥ የሚያጣፋ የለም። ታንጀንት በየ180 ዲግሪው ራሱን የሚደግመው፣ ሴካንት ግን 360 የሚጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጅቷ ይህን ስታይ ግራፏን ራሷ አጥፍታ ከ90 እስከ 270 ያለውን ቁራጭ ሁለቱም ጫፉ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ጉብታው 180 ላይ −1ን የሚነካ አድርጋ ሣለችው። ቁራጩ ከ−1 በላይ የማይወጣው ኮሳይን ከ−1 በታች ስለማይወርድ ነው።

አሁን ወደዚያ ልዩነት እንመለስ። 269 ላይ ሴካንት ሲቀነስ ታንጀንት −114.59 ነው፤ ወደ 270 በተጠጋን ቁጥር ወደ −∞ ይነጉዳል። እዚህ ላይ የሚሟሟው ድምራቸው ነው፤ 57.290 እና −57.299 ሲደመሩ −0.009 ገደማ ብቻ ይቀራል። ፈተና ላይ sec x − tan x ሲመጣ x ወደ የትኛው ጎዶሎ ብዜት እንደሚሄድ ሳያይ "ዜሮ" ብሎ የሚመልስ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። −90ም ወጥመድ ነው። 90 የሚለው ቁጥር ስላለበት ብቻ የ90 ወንድም ይመስላል፤ በሴካንት በኩል ግን የ270 መንታ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ልክ 360 ስለሆነ። −91 ላይ ሴካንት −57.30፣ −89 ላይ +57.30 ነው። 450 ደግሞ ወደ 90 ጠባይ ይመለሳል።

ለዚህ ነው ግራና ቀኝን ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ነገር ብቻ እንዲያደርጉ የምጎተጉታቸው፦ ከነጥቧ አንድ ዲግሪ ወዲህና አንድ ዲግሪ ወዲያ ቁሙ፣ የኮሳይንን ምልክት እዩ። ለሴካንት ያ ብቻ ይበቃል። ለታንጀንት የሳይንን ምልክት ጨምሩበት።

በራዲያን ሲሆን ሌላ ጣጣ አለ። 90 ዲግሪ π/2 ነው፣ 1.57079632… እያለ የሚቀጥል ቁጥር። ተማሪው 1.57 ብሎ ካልኩሌተሩ ላይ ሲጽፍ ታንጀንቱ 1255.77 ይመጣለታል። "ትንሽ ጠጋ ልበል" ብሎ 1.5708 ሲጽፍ −272241.8 ይመጣና ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ማሽኑ ደህና ነው። 1.5708 ወደ ላይ የተጠጋጋ ቁጥር ስለሆነ ከ π/2 በ0.0000037 ገደማ ይበልጣል፤ ልጁ ሳያውቀው አፋፉን ተሻግሮ በቀኝ በኩል ቆሟል። 1.5707 ብሎ ቢቆርጠው በግራ ይቀርና 10381 ገደማ ያገኛል። አራተኛዋ የነጥብ ቤት ላይ የተደረገች አንዲት ማጠጋጋት መልሱን ከአሥር ሺህ ፖዘቲቭ ወደ ሁለት መቶ ሰባ ሺህ ኔጋቲቭ ወረወረችው።

ሰኞ ክፍል ስገባ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች፣ 1.57ን፣ 1.5707ን እና 1.5708ን፣ ያለ ማብራሪያ ሰሌዳው ላይ እጽፋቸዋለሁ። ታንጀንታቸውን ካወጡ በኋላ ሴካንታቸውንም እንዲያወጡ፣ ከዚያም የ4.712ን እና የ4.713ን ሁለቱንም እንዲያወጡ እጠይቃቸዋለሁ። 3π/2 በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው ያለው፣ ለ4.712 ትንሽ ቀረብ ብሎ። የትኛው በየትኛው ወገን እንደቆመ ከምልክቱ ብቻ ማወቅ አለባቸው።