ካታሎጉ ሳይከፈት መልስ የሚያስገኝ ኢሜይል

የምንሠራው ማስታወሻ ደብተርና የእርሳስ ቦርሳ ነው። ብዙ ቅርንጫፍ ላለው አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ካታሎግና የዋጋ ዝርዝር መላክ ነበረብኝ። የምጽፍላቸው የግዢ ኃላፊ ከዚያ በፊት አያውቁኝም።

የግዢ ኃላፊ ኢሜይሉን ብዙ ጊዜ የሚያየው በስልክ ነው፣ ያውም በሁለት ስብሰባ መሃል። ሠላሳ ገጽ ካታሎግ በስልክ አውርዶ የሚያገላብጥ ሰው ብዙ የለም። ስለዚህ አባሪዎቹ ባይከፈቱም እንኳ ኃላፊዋ «ይሄ ለእኛ ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ማለት እንዲችሉ፣ ዋናውን ነገር ኢሜይሉ ላይ ለማስቀመጥ ወሰንኩ።

መጀመሪያ መደብራቸው ሄጄ መደርደሪያቸውን አየሁ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ከባድ ደብተሮች ሞልተዋል፤ ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር ግን የለም ማለት ይቻላል። ካለን ዕቃ ሁሉ ሦስቱን ብቻ መረጥኩ። ሁሉንም መዘርዘር ያጓጓል፣ ግን መምረጡን ለገዢው መተው ሥራ መጨመር ነው።

ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሒሳቡ ነው። ገዢው የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብቻ አይደለም። «ስሸጠው ስንት ይቀረኛል?» ነው ዋናው ጥያቄ። ትልቁን ደብተር እንይ። ለመደብሩ የምንሰጠው በ60 ነው፣ እንዲሸጥ የምንመክረው በ100። (የገንዘቡን ዓይነት እዚህ ትቼዋለሁ፤ በኢሜይሉ ላይ ግን ከቁጥሩ አጠገብ መኖር አለበት።) ልዩነቱ 40 ነው። እኛ አምራቾች ከ60 ተነስተን «67 በመቶ ትርፍ አለው» ማለት ይቀናናል። ቸርቻሪ ግን ትርፉን የሚያሰላው ከመሸጫው ዋጋ ነው። ለእሱ 40 በመቶ ነው። 67 ብዬ ብጽፍ ኖሮ ወይ አላውቅም ወይ ላታልል ነው የመጣሁት ያሰኝ ነበር።

ታክሱ ደግሞ አለ። ያ 100 ታክስን የሚጨምር ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ታክሱ 15 በመቶ ቢሆን ከ100 ውስጥ ለመደብሩ የሚቀረው 87 ገደማ ነው። ከዚያ ላይ 60ው ሲቀነስ 27 ይተርፋል፤ ትርፉ ከ40 ወደ 31 በመቶ ወረደ ማለት ነው። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ «ታክስን አይጨምርም» የሚሉት ሁለት ቃላት ከሌሉ ገዢው በራሱ ግምት ያሰላና፣ እናንተ የማታውቁትን ቁጥር ይዞ ዝም ይላል። እኔ ቃላቱን በጅምላውም በመሸጫውም ዋጋ ዓምድ ራስጌ ላይ አስገባኋቸው፣ በኢሜይሉም ደገምኳቸው።

ለኢሜይሉ ርዕስ «የምርት ካታሎግ» ብቻ አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ርዕስ ሁሉም ይልካል። «የኪስ ማስታወሻ ደብተር ለመደርደሪያችሁ፦ ካታሎግና የጅምላ ዋጋ» አልኩት። ከወር በኋላ ፈልገው ማግኘት ቢያስፈልጋቸው «ኪስ» ወይም «ጅምላ» ብለው ቢጽፉ ይወጣላቸዋል። ኃላፊዋን በስማቸው ጠርቼ ሰላምታ ካቀረብኩ በኋላ ያለው ይህ ነው፦

> መደብራችሁን አይቼዋለሁ። የጠረጴዛ ደብተር በደንብ አለ፤ ኪስ የሚገባ ደብተር ግን ብዙም አላየሁም። እኛ የምንሠራው እሱን ነው። ለጅምር ይሆናሉ ያልኳቸው ሦስት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦
>
> የኪስ ደብተር፦ ጅምላ 36፣ መሸጫ 60፣ በካርቶን 48
> ትልቅ ደብተር፦ ጅምላ 60፣ መሸጫ 100፣ በካርቶን 24
> የእርሳስ ቦርሳ፦ ጅምላ 90፣ መሸጫ 150፣ በካርቶን 12
>
> ሁሉም ዋጋ ታክስን አይጨምርም። በሦስቱም የመደብሩ ትርፍ ከመሸጫው 40 በመቶ ነው። ከእያንዳንዱ አንድ ካርቶን ቢወስዱ ድምሩ 4,248 ይሆናል። ትዕዛዝ በደረሰን በሁለት ሳምንት ውስጥ እናስረክባለን። ሁሉም ባርኮድ አላቸው። ዋጋው እስከሚቀጥለው ሩብ ዓመት መጨረሻ አይለወጥም።
>
> ካታሎጉንና የዋጋ ዝርዝሩን አያይዣለሁ። ከሦስቱ አንድ አንድ ናሙና ልላክልዎት? ለየትኛው አድራሻ እንደሚሆን ቢነግሩኝ ይበቃኛል።

ድርጅታችን መቼ እንደተመሠረተ፣ ጥራታችን ምን ያህል እንደሆነ አንድም መስመር የለም። እሱ ካታሎጉ ውስጥ አለ፣ የፈለገ ያነበዋል። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ሆን ተብሎ ትንሽ ነው። «ለመሥራት ዝግጁ ነን» ለሚል መዝጊያ ምን ብሎ መመለስ ይቻላል? አድራሻ መጻፍ ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አባሪዎቹን ለየብቻ አደረግኳቸው። ካታሎጉ ፒዲኤፍ ነው፤ የጅምላ ዋጋ ግን የለበትም። የቅርንጫፍ ሠራተኛ ለደንበኛ ቢያሳየው የመደብሩ መግዣ ዋጋ መታየት የለበትም። ዋጋ ሲቀየርም ካታሎጉ እንዳለ ይቆያል። የዋጋ ዝርዝሩ ኤክሴል ነው፣ ምክንያቱም የግዢ ክፍል ቁጥሩን ወደ ራሱ ሲስተም ይገለብጠዋል፤ ከፒዲኤፍ መገልበጥ ራስ ምታት ነው። በሁለቱም ላይ ያለው የዕቃ መለያ ቁጥር አንድ መሆኑን መስመር በመስመር አመሳከርኩ። የባርኮዱን ዓምድ ደግሞ በኤክሴል «ጽሑፍ» ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ቁጥር ተብሎ ከተቀመጠ ባለ 13 አሃዙ ባርኮድ እንደ `9.78E+12` ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ በዜሮ የሚጀምረውም ዜሮውን ይጥላል።

የካታሎጉ ፎቶዎች ለማተሚያ የተዘጋጁ ስለነበሩ ፋይሉ በጣም ከባድ ነበር። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ አይልክም፤ ብዙ የድርጅት ሰርቨሮች ደግሞ ከዚያ ያነሰውንም ይመልሳሉ። ለስክሪን በሚበቃ ጥራት አሳንሼ ከ5 ሜጋባይት በታች አወረድኩት። የፋይሉን ስም ዝም ብሎ «ካታሎግ» ከማለት የድርጅታችንን ስምና የወጣበትን ወርና ዓመት አስገባሁበት። የገዢው ኮምፒውተር ላይ «ካታሎግ» የሚባል ፋይል ስንት እንዳለ መገመት አያዳግትም።

መልሱ ሲመጣ አድራሻውን ሰጡኝ፣ ከሥሩ ግን ሁለት ጥያቄ ነበር። ያልተሸጠ ዕቃ ትመልሳላችሁ ወይ? የእርሳስ ቦርሳውስ በስድስት ስድስት አይሆንም ወይ? ሁለተኛው ቀላል ነው፣ ካርቶኑን ለሁለት ከፈልነው። የመጀመሪያው ላይ በግልጽ «አንመልስም፣ ግን ያልሄደውን ዕቃ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በሌላ እንለውጣለን» አልኩ። አሁን ይህ የመመለስ ነገር በምልከው ኢሜይል ሁሉ ላይ፣ ከማስረከቢያው ጊዜ ቀጥሎ አንድ መስመር ሆኖ ይገባል። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ እዚያው ኢሜይል ላይ እቀጥላለሁ፤ አዲስ አልከፍትም፣ አባሪውም ቁጥሩም ከሥር አለና። የዋጋው ቀነ ገደብ ሊያልፍ ሲል አዲሱን ዝርዝር በዚያው እልካለሁ፣ የተለወጡትን መስመሮች ብቻ በቢጫ ቀብቼ።