46 ፑንታ ቆሞብኝ

ትናንት ቆጠራ ላይ የ8 ሚሊ የግድግዳ ፑንታ ጋ ስደርስ "3" ብዬ ጻፍኩ። ከአራት ወር በፊት 46 ነበር። የሃርድዌር ሱቅ ያላችሁ ደስታዬ ይገባችኋል።

የማይሄደውን ዕቃ መለየት ቀላል ነበር። በ90 ቀን አንድም ያልተሸጠውን ሁሉ ደብተር ላይ አከበብኩት። ከዚያ እንደ ሁላችንም ወደ ቅናሽ ሮጥኩ። 20 በመቶ ቀንሼ ቀይ ወረቀት ለጠፍኩ። በወሩ አራት ተሸጠ። አራቱም ባልቀንስም የሚገዙ ሰዎች ይመስሉኛል። ረከሰ ተብሎ ፑንታ የሚገዛ የለም፤ የሚገዛው ግድግዳ ሊበሳ የተነሳ ሰው ነው።

ቀጥሎ ፑንታውን ከማይሄዱ የመሳቢያ እጀታዎች ጋር አሰርኩ። የሞተን ከሞተ ጋር! አንድም አልወጣም።

የገባኝ አንድ ደንበኛ ፊሸር ሲገዛ ነው። የ8 ሚሊ ፊሸር በየቀኑ ይሄዳል፣ ቀዳዳው ደግሞ የ8 ሚሊ ፑንታ ይፈልጋል። የኔ ፑንታ ግን ከሌላው የመሰርሰሪያ ዕቃ ጋር ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከጉልበት በታች ነበር። እናም አንድ ፑንታ፣ 20 ፊሸርና ለእሱ የሚሆን 20 የ5 ሚሊ ብሎን በግልጽ ፕላስቲክ አሰርኩ። ከፊሸሩ ጎን፣ በዓይን ትክክል ሰቀልኩት። በሁለት ሳምንት 9 እሽግ ወጣ።

ቅናሹን የሰጠሁት ፑንታው ላይ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ድርቅ እላለሁ፦ የሚሄደውን ዕቃ አትንኩ። 100 የሚሸጥ ዕቃ በ75 ከገባ ትርፉ 25 ነው። 10 ከቀነሳችሁ 15 ይቀራል። ከ3 ዕቃ ታገኙት የነበረውን ትርፍ ለማግኘት አሁን 5 መሸጥ ግድ ነው።

ችግርም አለው። መጀመሪያ ፊሸሩን በሙሉ አሽጌው ነጠላ የሚፈልገው ሰው ባዶ እጁን ወጣ። አሁን እሽጉ ከነጠላው አጠገብ ነው እንጂ በሱ ቦታ አይደለም። እሽግ ሲሸጥም ሦስቱንም ዕቃ ለየብቻ ከደብተር መቀነስ አለ። ይሄን ሁለት ጊዜ ረስቼ ቆጠራው ተዘባርቆብኛል።

ሁሉም ዕቃ ግን እንደ ፑንታ አይጠብቅም። ሲልኮን ቀን አለው፤ እኔ ደግሞ 14 ቱቦ ይዤ "ይሄዳል" እያልኩ ቆየሁ። ቀኑን ሳላይ በግማሽ ዋጋ አወጣሁት። አንዱ ገዢ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ "አልደረቀም" አለኝ። ካርቶን ላይ ጨምቄ አደርኩ፤ ጠዋት ስነካው ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ጤነኛው ቢሆን በሰዓት ውስጥ ላዩ ቆዳ ያበጃል። ገንዘቡን መለስኩ፣ የቀሩትን 11 ቱቦዎች ጣልኩ። ሁለቱ ገዢዎች ግን እስካሁን አልመጡም፤ ባያቸው አፍራለሁ።

እጀታዎቹም እዚያው ናቸው። ከምን ጋር እንደሚሄዱ የገባው ካለ ይንገረኝ።