የለቀቀው ቀይ ጥለት

አምና ሽሮ ሜዳ የገዛሁት የሐበሻ ቀሚስ የመጀመሪያውን እጥበት አላለፈም። ቀዩ ጥለት ለቀቀና ነጩን ሮዝ አደረገው። እርጥብ እንዳለ በቀዝቃዛ ውሃ መልሼ ላጥበው ሲገባኝ፣ አድርቄ ተኮስኩት። ከዚያ ወዲያ ባሸው ባሸው አልወጣም። ሻጯ «መቶ በመቶ ጥጥ ነው፣ የኔ እህት» ብላኝ ነበር። እኔም ጥጥ ከሆነ ምን ያሳስባል ብዬ።

ዘንድሮ ለእህቴ መልስ ቀሚስ ላሠራ ስል አንድ ሸማኔ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ቀሚሱን አገላብጠው አዩና «ድሩ፣ ማጉና ጥለቱ ሦስት ዓይነት ክር ሊሆን ይችላል፤ የትኛውን ነው ጥጥ ያሉሽ?» አሉኝ። እኔ እቴ፣ ለካ ጨርቁን እንደ አንድ ነገር ነበር የማየው።

ቤት ገብቼ ከተበላሸው ቀሚስ ስፌት ውስጥ ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ ክር መዘዝኩ። ውሃ ያለበት ሳህን አስቀምጬ፣ ክሩን በወረንጦ ይዤ ሻማ ላይ አቃጠልኩ። ድሩና ማጉ እንደ ወረቀት ሸተቱ፤ አመዳቸውም በጣት ሲነኩት ብን አለ። ጥጥ ናቸው። ቀዩ ጥለትም እንደዚያው ነደደ፤ ግን ያብለጨልጫል። በውሃ አርሼ ሳብ ሳደርገው ወዲያው ተበጠሰ። ጥጥ ሲርስ አይደክምም፣ ሬዮን የሚባለው ከእንጨት የሚሠራ አንጸባራቂ ክር ግን ይደክማል። ሁለቱን እሳት አይለያቸውም።

ጋሼ የሰጡኝ ሌላ ቀይ ክር ደግሞ ከእሳቱ ሸሸት አለና ቀልጦ ጥቁር ጠንካራ እንክብል ሆነ። ፖሊስተር ነው። አመዱ መሐል እንዲህ ያለ የማይፈረፈር ጓል ካገኛችሁ ቅልቅል ነው ማለት ነው።

የገረመኝ ግን ቀለሙ ነው። የናቅኩት ፖሊስተር ምንም አልለቀቀም። ቀለሙ በከፍተኛ ሙቀት ክሩ ውስጥ ስለሚገባ ውሃ በቀላሉ አያወጣውም። ጥጥና ሬዮን ላይ የሚወስነው የማቅለሚያው ዓይነት ነው፤ ርካሹ ክሩን ላላ አድርጎ ስለሚይዝ በሳሙና ይለቃል። ፖሊስተርም እንከን አለው። ጥጡ ሲታጠብ ሲሰበሰብ እሱ ስለማይሰበሰብ ጠርዙ ይጨማደዳል፤ የጋለ ካውያም ያቀልጠዋል።

ስለ ማርካ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ለእጅ ጥልፍ የዲኤምሲ የጥጥ ክር ቀለሙ እንደማይለቅ ተብሎ የሚሸጥ ስለሆነ እሱን እመርጣለሁ። ለጥለት ግን ማርካውን ብቻ አላምንም። ማቅለሚያው ከዙር ዙር ስለሚለያይ፣ የእያንዳንዱን ቀለም ክር የማቅለሚያ ዙር ቁጥሩ አንድ የሆነውን ገዝቼ ከእያንዳንዱ ቀለም ክንድ የሚያህል እቆርጣለሁ። በሳሙና ለብ ባለ ውሃ አርሼ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ፣ ከባድ ነገር ጭኜበት አሳድረዋለሁ።

ለእህቴ ከመረጥናቸው አራት ቀለሞች ሦስቱ አለፉ። ጥቁሩ ጠዋት ጨርቁ ላይ ግራጫ መስመር ትቶ ነበር። ጋሼ ገና ድሩን ሳይዘረጉ በሌላ ቀየርነው።