ጋሼ የጻፉልኝ ደብዳቤ

ለሩሲያ መንግሥት ስኮላርሺፕ አመልክታችሁ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ። ፓስፖርት፣ ዲፕሎማ፣ ትራንስክሪፕት፣ የጤና ምርመራ፣ እነዚህን ተሯሩጠህ ትሰበስባቸዋለህ። የሚያሳብደው ደብዳቤው ነው። ለምን ሩሲያ? ለምን ይሄ ትምህርት? ለምን አንተ? ይሄ ሁሉ በአንድ ገጽ።

እኔ የጨረስኩት ኤሌክትሪካል ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ደግሞ ደብዳቤው ላይ የማስገባው እውነተኛ ነገር ነበረኝ። ተማሪ እያለን መልካ ዋከና ለጉብኝት ወስደውን ነበር። ዋቤ ሸበሌ ላይ በሶቪየቶች እገዛ የተሠራ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1988 ሥራ የጀመረ፣ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ አንዳንዶቹ ሰሌዳዎች ላይ ያለው ጽሑፍ ሩሲያኛ ነበር። አንድ ሽማግሌ ኦፕሬተር አምፖሎቹን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይሄኛው ሲበራ ትደውላለህ፣ ያኛው ሲበራ ትሮጣለህ» አሉን። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ደብዳቤዬን የጻፍኩት በእሱ ላይ ነው፣ በእንግሊዝኛ። የመመረቂያ ሥራዬ የጄኔሬተር ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ላይ እንደነበር፣ እንዲህ ያሉ ማሽኖች ሲታደሱ የድሮ ንድፋቸውን ከሥሩ የሚያነብ ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ስለዚህ ማስተርሴን በ13.04.02 መማር እንደምፈልግ። ይቺ ቁጥር የኤሌክትሪክ ኃይል ምህንድስና ማስተርስ መለያ ናት። እነሱ ጋ ትምህርቱ ሁሉ እንዲህ በቁጥር ነው የሚጠራው፣ እና «ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ» ብሎ ከመጻፍ ቁጥሯን ጠቅሶ የት ክፍል መግባት እንደሚፈልጉ መናገር ይሻላል። የመጀመሪያው ዓመት ፖድፋክ ማለትም ቋንቋ መሆኑን፣ የአውሮፕላን ቲኬት ራሴ እንደምችልም ጨመርኩ። አለቀ።

አላለቀም። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ተስፋዬ አሉ። በሶቪየት ጊዜ ታሽከንት መስኖ ተምረው የመጡ ናቸው፣ እስከ ዛሬ ሻይ ሲጠጡ እንኳን ከታሽከንት ሻይ ጋር ሳያወዳድሩ አይውጡም። ደብዳቤዬን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡና፣ «ፑሽኪን የት አለ?» አሉ።

«ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ ትምህርት ነው እኮ።»

«አንተ ልጅ፣ ሩሲያ ጋ ያለ ፑሽኪን በር ይከፈትልሃል?»

ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ላይማ ተጣልተን ነበር። እስከ 6 ዩኒቨርሲቲ ነው የሚመረጠው፣ ሁሉንም ሞስኮ ማድረግ አይቻልም። ጋሼ አንደኛ ታሽከንት፣ ሁለተኛ ሚንስክ አሉኝ። «ጋሼ፣ አንዱ ኡዝቤኪስታን፣ አንዱ ቤላሩስ ነው» ብላቸው፣ «እኛ እያለን አንድ አገር ነበር፣ እናንተ ናችሁ ያፈረሳችሁት» ብለው ተቆጡ። እኔ የተወለድኩት ሶቪየት ከፈረሰች ስንት ዓመት በኋላ መሰላችሁ።

ማመልከቻው ሊዘጋ ሲል ሰፈራችን መብራት ጠፋ። የመብራት ኢንጂነር ነኝ፣ ሻማ ይዤ ቁጭ። ጋሼ በዚያው ወደ መሀል ከተማ እየሄዱ ስለነበር ፍላሹንና የይለፍ ቃሉን ወሰዱ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብተው ሊጭኑልኝ። ማታ ተመልሰው «ተልኳል፣ ትንሽ አስተካክዬልሃለሁ» አሉ። «ትንሽ» ሲሉ ሆዴ ቦጭ አለ። ገብቼ እንዳላይ መብራቱ የመጣው በማግስቱ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማመልከቻው ተዘግቷል።

ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ኮሪደሩ ላይ ሌሎች አመልካቾች ተደርድረዋል። አንዱ ሜካኒካል፣ አንዷ ሲቪል፣ አንዱ የሕክምና። ጨዋታ ስንጀምር የሁሉም ደብዳቤ የሚጀምረው በፑሽኪን ሆኖ ተገኘ! የሕክምናው ልጅ ጭራሽ «የደም ትስስር» ብሎ ጽፏል። ሲቪሏ ግን አንባቢ ነበረች። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል ራሱ «ላጎን» በሚባል ከተማ ተወለድኩ ብሎ መጻፉን ነገረችን። ገሚሱ ተመራማሪ ቦታው በእኛ በኩል፣ ዛሬ ኤርትራ በሆነው የመረብ አካባቢ ነው ይላል። ገሚሱ ደግሞ የለም፣ ካሜሩን ውስጥ ያለችው ሎጎን ናት ይላል። «ስለዚህ አሁን ያውንዴም ኮሪደር ላይ እንዲህ የተደረደሩ የፑሽኪን ዘመዶች አሉ ማለት ነው» አለ ሜካኒካሉ።

ተራዬ ደረሰ። ገባሁ። አንዲት ሸምገል ያሉ ሐበሻ ወይዘሮ ከአንድ ሩሲያዊ ጋር ተቀምጠዋል። ወይዘሮዋ ወረቀቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፊታቸው በራ። ከዚያ በሩሲያኛ ያወርዱት ጀመር። ዝም ብዬ ፈገግ አልኩ። ቀጠሉ። «ስፓሲባ» አልኩ፣ የማውቃት እሷን ብቻ ነው። ሩሲያዊው ሳቀ።

«እንዴ! ደብዳቤውን በዚህ ሩሲያኛ ጽፈህ መናገር አትችልም?» አሉ በአማርኛ።

ጋሼ ደብዳቤውን ሙሉ በሙሉ ጥለው በሩሲያኛ ከዜሮ ጽፈውታል! ወይዘሮዋ በአማርኛ ያነቡልኝ ጀመር። መግቢያው ፑሽኪን ነው። ከዚያ የሕዝቦች ወዳጅነት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን ጋሼ የማንን ደብዳቤ እንደሚጽፉ ረስተዋል። «በ1980 ክረምት የመጀመሪያውን በረዶ ሳይ እናቴን አስታውሼ አለቀስኩ» ይላል። «የፖድፋክ መምህራችን ካፖርቷን አውልቃ አለበሰችኝ» ይላል።

ወይዘሮዋ ፎርሙ ላይ የልደት ቀኔን ፈለጉ። «በ1980 የት ነበርክ?» አሉኝ።

«አልነበርኩም።»

ሁሉን ነገርኳቸው፣ መብራቱን፣ ፍላሹን፣ ጋሼን። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለሩሲያዊው ሲተረጉሙለት እሱም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ባዶ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝና «በል የራስህን አሁን ጻፍ፣ ፑሽኪን ሳይኖርበት» አሉኝ።

ጻፍኩ። መልካ ዋከናን፣ ሰሌዳውን፣ ይሄኛው ሲበራ ትደውላለህ ያሉትን ሰውዬ ሳይቀር። ሲያነቡት ፊታቸው ኮስተር አለ። ሩሲያዊው ስለ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ጠየቀኝ፤ ጭነቱ ድንገት ሲቀንስ ቮልቴጁ ለምን ከፍ እንደሚልና መቆጣጠሪያው የማነቃቂያውን ጅረት ቀንሶ እንዴት እንደሚመልሰው ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። እዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንጂነር መሰልኩ።

ልወጣ ስል ወይዘሮዋ፣ «የምትጠቅሰው ፑሽኪንን ሳይሆን ጋኒባልን ነበር» አሉኝ። «ፈረንሳይ ሄዶ የወታደር ምህንድስና የተማረ፣ ለሩሲያ ምሽግ ያሠራ ሰው ነው። ኢንጂነር ሆናችሁ ኢንጂነሩን ትታችሁ ሁላችሁም ገጣሚው ላይ ትረባረባላችሁ።»

የእጅ ጽሑፌን ከጋሼ ደብዳቤ ላይ በክሊፕ አያያዙት። ከዚያ «የአጎትህን ስልክ ስጠኝ፣ ድሮ እዚያ የተማርን ሰዎች አልፎ አልፎ ሻይ እንጠጣለን» አሉ።

የኔ ውጤት እስካሁን አልመጣም፣ ኢሜይሌን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ነው። ጋሼ ግን ተጠርተዋል። ቅዳሜ ከረባት አስረው ሄዱ፣ ሲመለሱም «ደብዳቤዬን ወደውታል» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ።