አራት ዕዳ ይዤ ከየትኛው ልጀምር?

ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ገበያ አካባቢ የልብስ ስፌት ሱቅ አለኝ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. አራት ዕዳ ነበረብኝ። ትልቁ ሁለት የስፌት መኪና የገዛሁበት የማይክሮፋይናንስ ብድር ሲሆን፣ 48,000 ብር ቀርቶት በወር 2 ከመቶ ወለድ ይታሰብበት ነበር። ለቁጠባና ብድር ማኅበር 15,000 ብር በወር 1 ከመቶ ወለድ፣ ጨርቅ በዱቤ ለሚሰጠኝ ነጋዴ 6,000 ብር፣ ለአክስቴ ልጅ ደግሞ 3,000 ብር ዕዳ ነበረብኝ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ወለድ የላቸውም። በየወሩ የግድ የምከፍለው እንደ ቅደም ተከተላቸው 2,000፣ 1,000፣ 500 እና 500፣ በድምሩ 4,000 ብር ነው። ከሱቁ ገቢ ለዕዳ መመደብ የምችለው ግን 6,000 ብር ስለነበር፣ ጥያቄዬ የሚተርፈው 2,000 ብር የትኛው ዕዳ ላይ ይዋል የሚል ነበር።

ለዚህ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አቫላንች የሚባለው ትርፉን ወለዱ ከፍ ባለው ዕዳ ላይ ያውላል፤ ስኖውቦል የሚባለው ደግሞ ወለዱን ሳያይ ከትንሹ ዕዳ ይጀምራል። በሁለቱም የሌሎቹ ግዴታ ሳይጓደል ይከፈላል፤ አንዱ ዕዳ ሲያልቅም ለእሱ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ሳይበተን ወደ ቀጣዩ ይዛወራል። ይህ ማዛወር ከቀረ የትኛውም መንገድ አይሠራም።

በ2014 ዓ.ም. በአቫላንች ሞክሬ አራተኛው ወር ላይ ትቼው ነበር። ስሌቱ ትክክል ነበር፤ እኔ ነኝ የደከምኩት። ትርፉን ሁሉ ማይክሮፋይናንሱ ላይ ባፈስም፣ ከከፈልኩት ከሩብ በላይ የሆነው ለወለድ እየሄደ፣ የቀረው ዕዳ በደብተሩ ላይ ያው መስሎ ይታየኝ ነበር። በዚያ ላይ አበዳሪዎቼ አራት እንደሆኑ ቀሩ፤ ነጋዴው ባለፍኩ ቁጥር ያየኛል፣ የአክስቴ ልጅም ስትደውል ስልኩን ለማንሳት እሳቀቅ ነበር። በአራተኛው ወር ትርፉን ለቤት ወጪ አዋልኩት፤ በአምስተኛው ደግሞ በዱቤ ጨርቅ ጨመርኩ።

ስለዚህ በጥቅምት ከመጀመሬ በፊት ሁለቱንም መንገድ በወር በወር ደብተር ላይ አሰላሁ። በአቫላንች ከሄድኩ በ14 ወር እጨርሳለሁ፤ ጠቅላላ የምከፍለው ወለድ 8,440 ብር ገደማ ይሆናል። በስኖውቦልም የምጨርሰው በ14ኛው ወር ነው፤ ወለዱ ግን 9,850 ብር ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ 1,400 ብር ብቻ መሆኑን ሳይ ደጋግሜ አጣራሁት፤ ብዙ ሺህ ብር የምከስር ይመስለኝ ነበርና። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወደ ማይክሮፋይናንሱ መሄድ የነበረበት 1,000 ብር ወለድ ወደሌለው ዕዳ ሲሄድ፣ በሚዘገይበት በእያንዳንዱ ወር የሚያስከፍለኝ 20 ብር ነው። ትንንሾቹ ዕዳዎች ደግሞ ቶሎ ስለሚያልቁ መዘግየቱ አጭር ነው።

ከዚያ ሦስተኛ መንገድ አሰላሁ፤ ወለድ የሌላቸውን ሁለቱን ትንንሽ ዕዳዎች መጀመሪያ መዝጋት፣ ቀጥሎ ማኅበሩን በግዴታው ብቻ እያስኬዱ ትርፉን ሁሉ ወደ ማይክሮፋይናንሱ ማዞር። ወለዱ 9,180 ብር ገደማ ሆነ። ከአቫላንች የሚበልጠው 740 ብር ያህል ነው፤ ይህን ላለመተው የምከፍለው ዋጋ አድርጌ ተቀበልኩት። ባለፈው ዓመት አቋርጬ በዱቤ የጨመርኩት ጨርቅ ብቻውን ከዚህ ይበልጥ ነበር።

በጥቅምት ለአክስቴ ልጅ 2,500 ብር ሰጠኋት፤ በኅዳር የቀረውን 500 ከፍዬ ትርፉን ወደ ነጋዴው አዛወርኩ። በታኅሣሥ የመጨረሻውን 3,000 ብር ይዤ ሄድኩ። ነጋዴው የዱቤ መዝገቡን ከመደርደሪያው ሥር አውጥቶ ስሜ ያለበትን ገጽ ፈለገ፤ ከዚያ በማስመሪያ አንድ ሰያፍ መስመር አሰመረና ከሥሩ «ተከፍሏል» ብሎ ጻፈ። «ልጄ፣ ለጥር ሠርግ ጨርቅ ገብቶልኛል፤ ውሰጂና ቀስ ብለሽ ትከፍያለሽ» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው፤ ግን ይህ መንገድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የተዘጋ ዱቤ ከተከፈተ የአበዳሪዎቹ ቁጥር የቀነሰ እየመሰለ ጠቅላላው ዕዳ ያድጋል። በዚህ ምክንያት በየወሩ መጨረሻ ቀሪዎቹን ሁሉ ደምሬ ከባለፈው ወር ድምር ጋር አስተያይ ነበር። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከእንግዲህ በእጅ በእጅ ልግዛ» አልኩትና ያለኝን ያህል ብቻ ገዛሁ።

በጥር ለማይክሮፋይናንሱ 5,000 ብር ስወስድ፣ የብድር ሠራተኛው «ትርፉ ለሚቀጥለው ወር ይያዝልዎ ወይስ ከዋናው ብድር ይቀነስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባይጠይቀኝ ኖሮ ለሚቀጥለው ወር ይያዝ ነበር፤ ያኔ ወለዱ ባልተቀነሰው ዕዳ ላይ መታሰቡን ይቀጥላል። ከዋናው እንዲቀነስ አስጽፌ ደረሰኙን አየሁ። የእኔ ወለድ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ስለሆነ ይህ ጠቀመኝ። መጀመሪያ በተወሰደው ገንዘብ ልክ ወለዱ ተቆርጦ በተወሰነበት ብድር ግን፣ ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ እንዳለ ሳይጠይቁ ትርፍ ገንዘብ ማፍሰስ አያዋጣም፤ የወለዱ መጠን ከፍ ቢልም እንኳ በተራው መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

መጋቢት ሲገባ ዐቢይ ጾም ነበር፤ በጾም ሠርግ ስለሌለ የስፌት ትእዛዝ ይጠፋል። በዚያ ወር ለዕዳ ያገኘሁት 3,000 ብር ብቻ ነበር። ሁለቱ ትንንሽ ዕዳዎች በመዘጋታቸው የግድ የምከፍለውም ልክ 3,000 ብር ነበርና አንድም ክፍያ አላለፈኝም። በአቫላንች ሄጄ ቢሆን ኖሮ ግዴታዬ በዚያ ወር ገና 4,000 ብር ይሆን ነበር። ትንንሹን ቀድሞ መዝጋት ለስሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ገቢው ከፍ ዝቅ ለሚል ሰው ግን የወር ግዴታን ቶሎ ያቀላል። ከፋሲካ በኋላ ወደ 6,000 ብሩ ተመለስኩ። ማይክሮፋይናንሱ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ማኅበሩም በታኅሣሥ 700 ብር በማይሞላ የመጨረሻ ክፍያ ተዘጋ። የመጋቢቱ ጉድለት አንድ ወር አስረዘመኝ።

ዴቪድ ጋል እና ብሌክሊ ማክሼን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ ዕዳዎችን አንድ በአንድ መዝጋት ከዕዳ ፈጽሞ ከመውጣት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ይህ ግን ለማንኛውም ዕዳ ከትንሹ ጀምሩ ማለት አይደለም። ሱቋ ከሱቄ ጎን የሆነ ጓደኛዬ ከግለሰብ በወር 10 ከመቶ አራጣ 20,000 ብር ተበድራ ነበር፤ ሌሎች ትንንሽ ዱቤዎችም ነበሩባት። እኔ እንዳደረግኩት ልታደርግ ስትጠይቀኝ አብረን አሰላነው። ወለዱ ብቻ በወር 2,000 ብር ነው፤ ትንንሾቹን ለመዝጋት የዘገየ እያንዳንዱ 1,000 ብርም በወር 100 ብር ያስከፍላታል። ባለዱቤዎቹን አነጋግራ ሁለት ወር ጊዜ ጠየቀች፤ ያላትን ሁሉ መጀመሪያ አራጣው ላይ አዋለችው። ተስፋ እንዳትቆርጥ 20,000ውን በሃያ ካሬ ከፋፍለን ወረቀት ላይ አሰመርንላት፤ ከዋናው 1,000 ብር በቀነሰ ቁጥር አንዱን ካሬ ታጠቁራለች። ወረቀቱ ከስፌት መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ባለፈው ሳምንት ሳየው አሥራ ሦስቱ ጠቁረዋል።